በለንደን ሆስፒታሎች ሙቀት የሚመልስ ቺለር፦ የማሽኑ መጠን ከየት ይነሣል?

እ.ኤ.አ. በ1951 በቴምዝ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ የተመረቀው ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ለዘመኑ እንግዳ የሆነ ማሽን ነበረው። ማሽኑ ከወንዙ ውሃ ሙቀት እየሳበ አዳራሹን በብርድ ወራት ያሞቅ፣ በሙቀት ወራት ደግሞ ያቀዘቅዝ ዘንድ የታሰበ ሲሆን ኮምፕረሰሮቹ ከሮልስ ሮይስ ሜርሊን የአውሮፕላን ሞተር ክፍሎች የተሠሩ ነበሩ። አሠራሩ ትክክል ነበር፤ ችግሩ መጠኑ ነው። ታዳሚው ራሱ አዳራሹን ስለሚያሞቀው፣ ማሽኑ የሚያመርተው ሙቀት ሕንፃው ከሚፈልገው በእጅጉ በለጠና ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ወጣ።

ከአዳራሹ በእግር ጥቂት ራመድ ሲሉ፣ በዚያው የወንዝ ዳርቻ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ይገኛል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዕቅድ በቀጥታ የሚቆጣጠረውን የካርቦን ልቀት በ2040 ወደ ዜሮ ለማውረድ ቃል ገብቷል። የሆስፒታል ቦይለሮች ግን አሁንም በአብዛኛው ጋዝ ያነዳሉ። ስለዚህ የለንደን መሐንዲሶች ያንኑ የ1951 ጥያቄ በሌላ መልክ ይዘውታል፦ ሆስፒታሉ ለማቀዝቀዝ ሲል ወደ ሰማይ የሚበትነውን ሙቀት ለምን እዚያው አይጠቀምበትም?

መሣሪያው ሙቀት የሚመልስ ቺለር ይባላል። ተራ ቺለር ከሕንፃው የወሰደውን ሙቀት በጣሪያ ላይ ባሉ ማራገቢያዎች ወደ ውጭ ይጥላል፤ ይኸኛው ግን በኮንደንሰሩ በኩል ለሞቀ ውሃ መስመር ያስረክባል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከቀዝቃዛው ውሃ 300 ኪሎዋት ሙቀት ሲወስድና ኮምፕረሰሩ 100 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሲበላ፣ በሙቁ በኩል የሚወጣው የሁለቱ ድምር 400 ኪሎዋት ነው። በ100 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 700 ኪሎዋት ጠቃሚ ሥራ ተገኘ ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን ሆስፒታሉ ቅዝቃዜውንም ሙቀቱንም በዚያችው ሰዓት ከፈለገ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ማሽኑ ወይ ይቆማል ወይ ውድ ተራ ቺለር ይሆናል።

በመሆኑም የንድፉ ሥራ የሚጀምረው ከማሽን ካታሎግ ሳይሆን፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ በአንድ ሰዓት የት ላይ እንደሚገናኙ ከመፈለግ ነው። ለንደን ቀዝቃዛ ከተማ ስለሆነች በጥር ሌሊት ማን ቅዝቃዜ ይፈልጋል ሊባል ይችላል። ኤም አር አይ ይፈልጋል፤ የማግኔቱን ሂሊየም የሚያቀዘቅዘው ኮምፕረሰር ሌት ተቀን መሥራት አለበት፣ ከቆመ ውዱ ሂሊየም ተንኖ ይጠፋል። የሰርቨር ክፍሎች፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎችና የመጠባበቂያ ባትሪ ክፍሎችም ወቅት አይለዩም።

በሐምሌስ ማን ሙቀት ይፈልጋል? እዚህ ላይ የቀዶ ሕክምና ክፍል ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታደሰው የእንግሊዝ የሆስፒታል አየር አቅርቦት መመሪያ በቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው አየር በሰዓት 22 ጊዜ እንዲለወጥ ይጠይቃል። ወለሉ 55 ካሬ ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ፤ በየሰከንዱ 1 ሜትር ኪዩብ ያህል አየር ይገባዋል ማለት ነው። ከውጭ የሚመጣው የሐምሌ አየር እርጥበቱን እንዲጥል መጀመሪያ ወደ 11 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ቀዝቅዞ ከገባ ግን ሐኪሙንም ታካሚውንም ያንዘፈዝፋል፤ ስለዚህ ወዲያው ወደ 18 ዲግሪ ይሞቃል። ለዚህ ዳግም ማሞቂያ አንድ ክፍል 8 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይፈልጋል፤ 20 ክፍሎች 170 ኪሎዋት ይደርሳሉ። አንዱን አየር በአንድ ሳጥን ውስጥ አቀዝቅዞ ማሞቅ ብክነት ቢመስልም፣ ለዚህ ቺለር ግን ከዚህ የተሻለ ደንበኛ የለም።

ሌላው የሐምሌ ደንበኛ የገላና የእጅ መታጠቢያ ሙቅ ውሃ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ንድፎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ሌጂዮኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ለመከላከል ውሃው በ60 ዲግሪ ይከማቻል፣ በየቧንቧው ዞሮ ሲመለስም ከ50 ዲግሪ መውረድ የለበትም። ከከተማው መስመር በ10 ወይም በ15 ዲግሪ የሚገባውን ውሃ 55 ዲግሪ የሚሰጥ ማሽን በደስታ ያሞቀዋል። ሌሊት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት የሚዞረው ውሃ ግን ከ50 ወደ 60 መመለስ ያለበት ነው፤ ለዚያ የማሽኑ 55 ዲግሪ አይበቃም። ከሙቅ ውሃ ፍጆታ ውስጥ ይህ የዝውውር ብክነት ተቀንሶ ለሌላ ማሞቂያ መተው አለበት። ካልተቀነሰ ማሽኑ በወረቀት ላይ የሚሠራ፣ በተግባር ግን ሐምሌን ሙሉ የሚቆም ይሆናል።

አሁን ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ የለንደን ሆስፒታል እናስብ። በሐምሌ ቀትር የማቀዝቀዣ ፍላጎቱ 2,000 ኪሎዋት ነው። በዚያው ሰዓት ለዳግም ማሞቂያ 200፣ ለሙቅ ውሃ 300 ኪሎዋት ይፈልጋል፤ ከዚህ 100ው የዝውውር ብክነት ስለሆነ ለማሽኑ የሚቀረው 400 ነው። በጥር ሌሊት ማሞቂያው 1,500 ኪሎዋት ሲደርስ ማቀዝቀዣው 300 ብቻ ነው። በሐምሌ ማሽኑን የሚወስነው የሙቀቱ ማነስ ሲሆን፣ በጥር የሚወስነው የቅዝቃዜው ማነስ ነው፤ ሁለቱም 300 ኪሎዋት አቀዝቅዞ 400 ወደሚያሞቅ አንድ ትንሽ ማሽን ያመለክታሉ። ከሐምሌው ከፍተኛ ፍላጎት ስድስተኛውን እንኳ የማያህል ማሽን ነው።

ባለቤቱ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፤ "ለምን ሁሉንም አናደርገውም?" ይላል። የ2,000 ኪሎዋት ማሽን ተገዛ እንበል። ብዙዎቹ ማሽኖች ከሙሉ አቅማቸው ከሩብ በታች ወርደው መሥራት አይችሉም፤ የዚህኛው ዝቅተኛ ሥራ 500 ኪሎዋት ነው። የጥር ፍላጎት 300 ስለሆነ ማሽኑ ይነሣል፣ ውሃውን ከሚገባው በታች ያቀዘቅዛል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል። የፌስቲቫል አዳራሹም ጥፋት ይኸው የመጠን መብለጥ ነበር። ይህን ለማወቅ ጥልቅ ምርመራ አያስፈልግም፤ የኮምፕረሰሩን የመነሣት ቁጥር ከሥራ ሰዓቱ ጋር ማነጻጸር ይበቃል።

የሙቁ ውሃ ሙቀት ደግሞ ከመጠኑ እኩል ይመዝናል። አሮጌዎቹ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የተሠሩት ቦይለሩ በ82 ዲግሪ ልኮ በ71 በሚቀበልበት ዘመን ነው። ቺለሩ ግን ሙቀት ከፍ ባለ ቁጥር ይደክማል። ቀዝቃዛውን ውሃ በ7 ዲግሪ እየሰጠ ሙቁን በ45 ቢያወጣ፣ በአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 3.7 ኪሎዋት ገደማ ያቀዘቅዛል፤ በ55 ዲግሪ ወደ 3፣ በ70 ደግሞ ወደ 2.4 ይወርዳል።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ይጎላል። በእንግሊዝ ኤሌክትሪክ ከጋዝ በኪሎዋት ሰዓት አራት እጥፍ ያህል ይወደዳል፤ በዚህ ዋጋ እንቁጠር። በ55 ዲግሪ የሚገኘው 400 ኪሎዋት ሙቀት ብቃቱ 85 በመቶ በሆነ ቦይለር ቢመረት 470 ኪሎዋት ጋዝ ይበላል። በብርድ ሰዓት ሆስፒታሉ ያለ ኮምፕረሰር፣ በውጭው አየር ብቻ ውሃውን ማቀዝቀዝ ይችላል፤ ለዚያ ማራገቢያው 10 ኪሎዋት ይበቃዋል። እንግዲህ ቺለሩ ጋዙን ለማዳን 90 ኪሎዋት ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፣ በጋዝ ዋጋ ሲመነዘር 360 ነው። 470ን በ360 መለወጥ ትርፍ ነው። በ70 ዲግሪ ግን 500ን በ460 መለወጥ ይሆናል፤ የጥገና ወጪ ሲጨመር ትርፉ ይተናል። በካርቦን ግን ፍርዱ ሌላ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የ2024 መለኪያ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 0.207፣ ለጋዝ 0.183 ኪሎግራም ስለሚሰጥ፣ ቺለሩ በ70 ዲግሪም ቢሆን በሰፊው ያሸንፋል።

ከዚህ ሒሳብ አንድ የቁጥጥር ትእዛዝ ይወጣል። በነፃ አየር ማቀዝቀዝ በአብዛኞቹ ሕንፃዎች ላይ ውጭው እንደቀዘቀዘ በራሱ ይጀምራል። ቺለሩ ባለበት ሆስፒታል ግን ሙቀት እስከተፈለገ ድረስ መታገድ አለበት፤ አለበለዚያ ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ሙቀት ሲበትን፣ ምድር ቤት ቦይለሩ ያንኑ ሙቀት በጋዝ እየገዛ ይተካል። ሁለቱም "በትክክል" ስለሚሠሩ ማንም ማስጠንቀቂያ አይሰማም።

ማሽኑ በቧንቧው ላይ የሚቀመጥበት ቦታም ይወስናል። በቀዝቃዛው በኩል ከሕንፃው በሚመለሰው መስመር ላይ፣ ከዋናዎቹ ቺለሮች በፊት ይገባል፤ ያኔ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ድርሻ ያገኛል። በሙቁ በኩልም ወደ ቦይለሩ በሚመለሰው ውሃ ላይ ይሰካል። እዚህ ያደፈጠ ጠላት አለ፦ የድሮ ባለ ሦስት መውጫ ቫልቮች። ክፍሉ ሙቀት ባይፈልግ እንኳ ሙቁን ውሃ አዙረው ወደ መመለሻው ይሰዱታል። መመለሻው 65 ዲግሪ ከደረሰ ማሽኑ በማቀዝቀዣ ጋዙ ግፊት መብዛት ራሱን ያጠፋል። ቴክኒሻኑ ማሽኑን ይመረምራል፣ ጋዝ ይለካል፣ ጥፋት ያጣል፤ መፈተሽ የነበረበት የመመለሻው ሙቀት መዝገብ ነው። መድኃኒቱም ቫልቮቹን በባለ ሁለት መውጫ መቀየርና ማሞቂያዎቹን በዝቅተኛ ሙቀት እንዲሠሩ ማስፋት ነው። ይህ ወጪ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብሮ ካልተያዘ ፕሮጀክቱ ገና ከመነሻው ጎዶሎ ነው።

ማሽኑ ሁለት ጌታ ማገልገልም አይችልም። በጥር ቀዝቃዛውን ውሃ በ7 ዲግሪ እንዲጠብቅ ይታዘዛል፤ ሙቀቱ ሁሉ ተቀባይ አለው። በሐምሌ ሙቁን በ55 እንዲጠብቅ ይታዘዛል፤ የቀረውን ቅዝቃዜ ዋናዎቹ ቺለሮች ይሞላሉ። ሁለቱ ትእዛዞች አንድ ላይ ከተሰጡት ኮምፕረሰሩ ወዲያና ወዲህ ሲዋዥቅ ይታያል። በሽግግሩ ሰዓት 10 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ የሙቅ ውሃ ታንክ ይረዳል፦ በ10 ዲግሪ ልዩነት 116 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚይዝ፣ ፍላጎቱ በግማሽ ቢወርድ እንኳ ማሽኑን ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቆም ያሠራዋል።

ማሽኑ የሆስፒታሉ ብቸኛ ማቀዝቀዣ ግን ሊሆን አይገባም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2022 በሂትሮ 40.2 ዲግሪ በተለካበት ዕለት የጋይስና ሴንት ቶማስ ሆስፒታሎች ሁለቱም የመረጃ ማዕከላት ማቀዝቀዣቸው አቅቶት ቆመዋል፤ የሕክምና መዝገቦች ሥርዓት የተስተጓጎለውም ለሳምንታት ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የሙቀት ደንበኛ ያነሰበት ቺለር የሚሰጠው ቅዝቃዜ አብሮ ያንሳል። በመሆኑም ሙሉው 2,000 ኪሎዋት በተራዎቹ ቺለሮች መሸፈን አለበት፤ የዚህ ማሽን 300 ኪሎዋት ከመጠባበቂያ አቅም ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ይህን ማሽን ለመግዛት ያሰበ ሆስፒታል ከአቅራቢው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት በሙቁም በቀዝቃዛውም ዋና መስመር ላይ የሙቀት ቆጣሪ ያስገጥም፣ አንድ ዓመት ሙሉ በየሰዓቱ ይመዝግብ፣ በየሰዓቱ ከሁለቱ ትንሹን እየወሰደ ይደርድር። የማሽኑ መጠን ያለው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው።