ሁለት ቁጥሮችን ማቀያየር፦ የሦስት መስመር ኮድ ታሪክ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የፕሮግራሚንግ ትምህርት ብዙውን ጊዜ በሲ ፕላስ ፕላስ ይጀመርና ወደ ጃቫ ይሻገራል። ከካምባ ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚጀምር ተማሪም ሆነ ጎንደር ላይ የሚማረው እኩያው፣ ስለ ፈንክሽን የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ይህችን ምሳሌ ማግኘቱ አይቀርም፦

```
void swap(int a, int b) {
    int t = a;
    a = b;
    b = t;
}
```

ዋናው ፕሮግራም ውስጥ `x` 15፣ `y` ደግሞ 40 ነው እንበል። `swap(x, y)` ብለን ስንጠራ ሜሞሪ ላይ `a` እና `b` የተባሉ ሁለት አዲስ ቦታዎች ይያዛሉ፤ 15 እና 40 ወደ እነሱ ይገለበጣሉ። ሦስቱ መስመሮች ሥራቸውን በትክክል ይሠራሉ፤ `a` 40፣ `b` 15 ይሆናል። ፈንክሽኑ ሲያበቃ ግን ሁለቱ ቦታዎች አብረውት ይለቀቃሉ። `x` አሁንም 15፣ `y` አሁንም 40 ነው።

ጀማሪን ይበልጥ የሚያደናግረው፣ ሊያጣራ ብሎ ፈንክሽኑ ውስጥ የጻፈው የማተሚያ መስመር የተቀያየሩ ቁጥሮች ማሳየቱ ነው። ውስጥ ሆኖ ሲያየው ተሳክቷል፤ ውጭ ሲወጣ ምንም የለም። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ኖሮት የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ኮፒው ላይ ስም ቢታረም ፋይሉ ውስጥ ያለው ኦርጅናል እንደነበረ ይቀመጣል። ኦርጅናሉ እንዲታረም ከተፈለገ ለጸሐፊው ኮፒ መስጠት አይበቃም፤ ኦርጅናሉ በየትኛው መዝገብ እንዳለ መንገር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ፈንክሽን ሲጠራ ምን ይሰጠዋል? የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ባለፉት ሰባ ዓመታት ገደማ ደጋግሞ ተለዋውጧል። የዛሬው ተማሪ ግራ መጋባትም አብዛኛው ከእነዚህ መልሶች የተወረሰ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መልስ አድራሻ ነበር። የጆን ባከስ ቡድን በአይቢኤም ያዘጋጀው ፎርትራን በ1957 ወጣ፤ በ1958 የተከተለው ፎርትራን ሁለት ደግሞ ፕሮግራመሩ ራሱን የቻለ ንዑስ ፕሮግራም እየጻፈ እንዲጠራ ፈቀደ። ለንዑስ ፕሮግራሙ የሚተላለፈው የተለዋዋጩ አድራሻ ስለነበር ከላይ ያሉት ሦስት መስመሮች በፎርትራን ቢጻፉ ኖሮ ቁጥሮቹ ያለ ችግር ይቀያየሩ ነበር። ችግሩ በሌላ በር መጣ። በጥሪው ላይ የተጻፈ ተራ ቁጥርም ሜሞሪ ላይ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ስለዚህ እሱም አድራሻ አለው። በተቀበለው ነገር ላይ 1 የሚደምር ንዑስ ፕሮግራም 3 ተሰጥቶት ቢጠራ፣ በአንዳንድ የዘመኑ ኮምፓይለሮች 3 የተቀመጠበት ቦታ 4 ይሆን ነበር። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ውስጥ 3 ተብሎ የተጻፈው ሁሉ 4 ሆኖ ይነበባል። ይህን ስሕተት ኮዱን በማንበብ ብቻ ማግኘት ከባድ ነው፤ ኮዱ ላይ የሚታየው 3 ነውና። ፎርትራን አንድ ንዑስ ፕሮግራም የተቀበለውን ነገር እንዳይነካ በግልጽ መከልከያ ያገኘው በፎርትራን 90 ነው።

ሁለተኛው መልስ ከአልጎል 60 መጣ። በጥር 1960 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ 13 ባለሙያዎች የቀረጹት፣ ፒተር ናውር ሪፖርቱን ያዘጋጀለት ቋንቋ ነው። አልጎል ሁለት መንገድ ሰጠ። አንደኛው ዋጋውን መገልበጥ ነው፤ ሌላውና ምንም ካልተባለ የሚሠራው ግን በስም ማስተላለፍ የተባለው ነው። በዚህኛው ፈንክሽኑ ቁጥርም አድራሻም አይቀበልም፤ ጠሪው የጻፈው አገላለጽ እንዳለ ይሰጠውና ስሙ በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሰላል።

ይህ ማቀያየርን ያልተጠበቀ ጣጣ ውስጥ ከተተው። `i` 1 ነው፤ `A[1]` 2፣ `A[2]` ደግሞ 9 ይዘዋል እንበል። `swap(i, A[i])` ብለን እንጥራ። በመጀመሪያው መስመር `t` 1 ይይዛል። በሁለተኛው `i` የ`A[1]`ን ዋጋ ወስዶ 2 ይሆናል። በሦስተኛው 1 ወደ `A[i]` መግባት አለበት፤ ነገር ግን `i` አሁን 2 ስለሆነ `A[i]` እንደገና ሲሰላ `A[2]` ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ `A[1]` ሳይነካ ይቀራል፣ `A[2]` ውስጥ የነበረው 9 ይጠፋል፣ ማንም ያልጠየቀው ቦታ ተበላሸ ማለት ነው። የሚገርመው ቅደም ተከተሉን ገልብጠን `swap(A[i], i)` ብንል በትክክል መሥራቱ ነው። ሁለት ነገር ማቀያየር በየትኛውም ቅደም ተከተል አንድ ሊሆን ሲገባው፣ እዚህ ማን ቀድሞ ተጻፈ የሚለው ውጤቱን ይወስናል። በ1976 አርተር ፍሌክ ባወጣው ጽሑፍ በስም በማስተላለፍ ብቻ ለሁሉም ጉዳይ የሚሠራ ማቀያየሪያ መጻፍ እንደማይቻል ተከራክሯል። በስም ማስተላለፍ ከተለመዱት ቋንቋዎች እየጠፋ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ምርጫውን ለፕሮግራመሩ ሰጡ። ኒክላውስ ቪርት ዙሪክ ላይ በ1970 ያወጣው ፓስካል በልማዱ ዋጋ ይገለብጣል፤ ከተቀባዩ ስም ፊት `var` ከተጻፈ ግን ዋናው ተለዋዋጭ ራሱ ይሰጣል። በዚያው ዘመን ቤል ላብስ ውስጥ ዴኒስ ሪቺ የፈጠረው ሲ ደግሞ የባሰ ቁጥብ ነው። ሲ የሚያውቀው መገልበጥን ብቻ ነው፤ ዋናው እንዲለወጥ የፈለገ አድራሻውን ራሱ አውጥቶ፣ አድራሻውን እንደ ዋጋ ይሰጣል፦

```
void swap(int* a, int* b) {
    int t = *a;
    *a = *b;
    *b = t;
}
```

ጥሪው `swap(&x, &y)` ይሆናል። እዚህም ቢሆን መገልበጥ አለ፤ የተገለበጠው ግን አድራሻው ነው። የተገለበጠ አድራሻም ያው ወደ ዋናው ቤት ያደርሳል። ከርኒንግሃንና ሪቺ በ1978 ባሳተሙት የሲ መጽሐፍ ፖይንተርን ለማስረዳት የመረጡት ይህንኑ ምሳሌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የመማሪያ ክፍል የሚዞረው ከዚያው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቢያርን ስትራውስትሩፕ በሲ ላይ የገነባው ሲ ፕላስ ፕላስ በ1985 ለገበያ ሲቀርብ ሪፈረንስ የሚባል ሌላ መንገድ ጨመረ። ሪፈረንስ በዋናነት የገባው እንደ `+` ያሉ ምልክቶችን ለአዲስ ዓይነቶች ለማዋል እንዲያመች ነው። ተቀባዩ `int& a, int& b` ተብሎ ከተጻፈ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች አንዲት ፊደል ሳይለወጥባቸው ይሠራሉ፤ ጥሪውም `swap(x, y)` ነው። ምቹ ነው፤ ግን ጥሪውን ብቻ የሚያነብ ሰው ከእንግዲህ `x` ይለወጥ አይለወጥ ማወቅ አይችልም።

የዛሬ ተማሪዎቻችንን በጣም የሚያሳስታቸው ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። የሲ ፕላስ ፕላስ መደበኛ ላይብረሪ ራሱ `swap` የሚባል፣ በሪፈረንስ የሚቀበል ፈንክሽን አለው። ከፕሮግራሙ አናት ላይ `using namespace std;` ብሎ መጻፍ ደግሞ የለመድነው ነገር ነው። አንድ ተማሪ በፖይንተር የሚሠራውን `swap` ጻፈና በጥሪው ላይ `&` ረሳ እንበል። ኮምፓይለሩ የእሱን ፈንክሽን ሲያይ አድራሻ የሚጠብቅ ሆኖ ያገኘዋል፤ የተሰጠው ግን ቁጥር ነው። ስለዚህ ይተወውና ወደ ላይብረሪው `swap` ይሄዳል። ስሕተት አይነገርም፤ ቁጥሮቹም ይቀያየራሉ። ተማሪው የጻፈው ኮድ አንድ ጊዜም አልተጠራም፤ እሱ ግን ፖይንተር ያለ `&` ይሠራል ብሎ ይደመድማል።

ሌላው ደግሞ ዋጋ የሚገለብጠውን የመጀመሪያውን `swap` ከ`main` በታች ጽፎ አስቀድሞ ማስታወቅ ይረሳል። ኮምፓይለሩ ጥሪው ላይ ሲደርስ የሚያውቀው የላይብረሪውን ብቻ ነው፤ ይሠራል። አጠገቡ ያለው ጓደኛው ያንኑ ፈንክሽን ከ`main` በላይ ይጽፈዋል፤ አሁን የራሱ ይመረጣል፤ አይሠራም። ሁለቱ አንድ ዓይነት ኮድ ይዘው ሲከራከሩ ቢያመሹ አይፈረድባቸውም። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ፈንክሽኑን `qeyayer` ብሎ መሰየም። በዚህ ስም ላይብረሪው ውስጥ ምንም ስለሌለ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። ከዚያ ዋናው ውስጥ `&x`ን፣ ፈንክሽኑ ውስጥ `&a`ን ማተም ነው። አድራሻዎቹ ከተለያዩ የተሰጠው ኮፒ ነው፤ አንድ ከሆኑ ሪፈረንስ ነው።

ይህ በገባው ማግስት ጃቫ ይመጣል። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1995 ያወጣው፣ ጄምስ ጎስሊንግ የቀረጸው ቋንቋ ለአድራሻ የሚያገለግል `&`ም `*`ም የለውም፤ ሁልጊዜ ይገለብጣል። ቁጥር ሲሰጥ ቁጥሩ ይገለበጣል፤ ዕቃ ወይም አሬይ ሲሰጥ ግን የሚገለበጠው ወደ ዕቃው የሚያመለክተው ጠቋሚ ነው። ስለዚህ ሁለት ዕቃዎች ተቀብሎ በስማቸው `t = a; a = b; b = t;` የሚል ፈንክሽን የሚያቀያይረው የራሱን ኮፒ ጠቋሚዎች ነው፤ ውጭ ምንም አይለወጥም። አንድ አሬይ ተቀብሎ `d[0]` እና `d[1]`ን የሚያቀያይር ፈንክሽን ግን ይሳካለታል፤ በኮፒ ጠቋሚ ሄዶ የደረሰው ዋናው አሬይ ጋ ነውና። ሁለተኛውን አይቶ “ጃቫ ዕቃዎችን በሪፈረንስ ያስተላልፋል” የሚል ሰው የመጀመሪያውን ማስረዳት ሳያቅተው አይቀርም። ይህን አሠራር ባርባራ ሊስኮቭና ባልደረቦቿ ኤምአይቲ ውስጥ በ1970ዎቹ በሠሩት ሲኤልዩ በተባለ ቋንቋ “በመጋራት መጥራት” ብለው ለይተውት ነበር። በ1991 የወጣው ፓይተንም የሚከተለው ይህንኑ ነው፤ `a, b = b, a` የሚለው ውብ መስመሩም ፈንክሽን ውስጥ ከተጻፈ የጠሪውን ስሞች አይነካም።

ስለዚህ አዲስ ቋንቋ የሚጀምር ሰው “በዋጋ ነው በሪፈረንስ?” ብሎ ከመጠየቅ ሁለት ነገር ቢሞክር ይሻለዋል። አንደኛ፣ ተቀባዩን ስም ወደ ሌላ ነገር ያዙር፤ ጠሪው ጋ ያለው ከተለወጠ እውነተኛ ሪፈረንስ ነው። ሁለተኛ፣ ስሙን ሳያዞር የተሰጠውን ዕቃ ውስጡን ይለውጥ፤ ጠሪው ጋ ከታየ ዕቃውን ይጋራሉ። ሲ ፕላስ ፕላስ በ`&` ሁለቱንም ያልፋል፤ ጃቫና ፓይተን ሁለተኛውን ብቻ፤ በሲ በቀጥታ የተሰጠ ቁጥር አንዱንም አያልፍም። ሁለት ቁጥሮችን የማቀያየር ፈንክሽን የሚፈትነው የመጀመሪያውን ነው፤ ጃቫ ላይ የማይሳካውም ለዚህ ነው።