አሻሚ ተውላጠ ስምና ድፍን ማጣቀሻ በመመሪያ ጽሑፍ

አሻሚ ተውላጠ ስም የሚባለው ከአንድ በላይ ለሆኑ ስሞች ሊቆም የሚችል፣ ለየትኛው እንደቆመ ግን ሰዋስው ብቻውን የማይለየው ምትክ ቃል ወይም ቅጥያ ነው። ድፍን ማጣቀሻ ደግሞ «ከላይ እንደተገለጸው»፣ «ይህንኑ»፣ «አስፈላጊውን» እንደሚሉት ያለ፣ የሚጠቆመውን ነገር አንባቢው ራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው የሚተው አነጋገር ነው። ሁለቱም በማንኛውም ጽሑፍ ይገኛሉ። የመመሪያ አንባቢ ግን ያነበበውን ወዲያው በእጁ ስለሚሠራው፣ በመመሪያ ውስጥ የተሳሳተ ንባብ የተሳሳተ ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በጸሐፊው ቸልተኝነት ይመካኛል። ቸልተኝነት ድርሻ አለው፤ የአማርኛ መመሪያ በተለይ የሚሳትበት ምክንያት ግን በቋንቋው አሠራር ውስጥ ነው። ሊታረም የሚችለውም ጸሐፊው የግሱን ጫፍ ለይቶ መመርመር ሲለምድ ነው።

አማርኛ «እሱ»ና «እሷ»ን ለብቻቸው የሚጽፈው አጽንዖት ሲፈልግ ነው። በአብዛኛው ባለቤቱም ተሳቢውም ግሱ ላይ ተለጥፈው ይመጣሉ፤ «አማሰለው» በሚል አንድ ቃል ውስጥ አማሳዩም የሚማሰለውም አሉ። ቅጥያው በጾታና በቁጥር ያጣራል፤ ይህ ወንፊት ስለ ሰዎች ሲወራ ጥሩ ይሠራል። ግዑዛን ነገሮች ግን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ በወንድ ጾታ ይነገራሉ። ውሃው፣ ዱቄቱ፣ ኪኒኑ፣ ኩባያው፣ በዚያ ላይ ልጁ፣ ሁሉም በአንድ ቀዳዳ ያልፋሉ። ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይረቅቃል። በግሱ ጫፍ ላይ ለተሳቢ የተተወው ቦታ አንድ ብቻ ሲሆን፣ «ስጥ»ን የመሰለ ግስ ግን የሚሰጠውንም ነገር ተቀባዩንም ይፈልጋል። «ስጠው» ሲባል ቦታውን አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ ይይዘዋል፤ የሚሰጠው ነገር ምንም ምልክት ሳይተው ከቃሉ ይወጣል። እንግዲህ መመሪያ «ስጡት» ባለ ቁጥር አንባቢው ምኑን እንደሚሰጥ ካለፈው ዓረፍተ ነገር አስታውሶ መሙላት አለበት።

ተቅማጥ የያዘው ልጅ በቤት ውስጥ ስለሚታከምበት መንገድ የሚነገረው ምክር ይህን በደንብ ያሳያል፤ ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ፣ በተለያየ አሰጣጥ የሚሰጡበት ነውና። አንደኛው ኦ.አር.ኤስ. ነው፤ አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ልጁን ባስቀመጠው ቁጥር ይጠጣል። ሁለተኛው ዚንክ ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም። ይህ ምክር ለምሳሌ እንዲህ ተጽፎ እናገኘው ይሆናል፦ «አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ዱቄቱን ጨምራችሁ በደንብ አማስሉት። ኪኒኑን በትንሽ ውሃ አሟሙታችሁ በቀን አንድ ጊዜ ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ድፉት። ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን አታቋርጡት።» ላይ ላዩን ሲነበብ እንከን የለበትም። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ቃላቱም የታወቁ ናቸው።

የግሶቹን ጫፍ አንድ በአንድ ስንጠይቅ ግን ሌላ ነገር ይታያል። «አቀዝቅዙት» አንድ እጩ ብቻ ስላለው ችግር የለበትም። «አማስሉት» ሁለት እጩዎች አሉት፣ ውሃውና ዱቄቱ፤ የትኛውንም ብንወስድ እጅ የሚሠራው ሥራ አንድ ስለሆነ ጉዳት አያመጣም። ይህን ልዩነት መያዝ ይገባል፤ አሻሚ የሆነውን ሁሉ ማደን ጽሑፉን ያደክመዋል፣ የሚጎዳውንም ከማይጎዳው ጋር ያደባልቀዋል። መቆም ያለብን ሁለቱ ንባቦች ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በሚያሠሩበት ቦታ ነው። «ቀስ እያላችሁ ስጡት» እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ካስመለሰው በኋላ 10 ደቂቃ ቆይቶ በዝግታ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤሱ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ የቅርቡ ስም ግን ኪኒኑ ስለሆነ፣ በተነገራት ቅደም ተከተል የምትሠራ እናት ሌላ ኪኒን ልትሰጥ ትችላለች። የመጨረሻው «አታቋርጡት» ደግሞ የባሰ ነው። አንባቢዋ ቃሉን ለሚጠጣው ውሃ ካደረገችው፣ ልጁ ሲሻለው ዚንኩን ትተወዋለች፤ ዚንኩ ከበሽታው በኋላ እንዲቀጥል የሚፈለገው ግን በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ወራት ተቅማጡ የሚመለስበትን ዕድል ስለሚቀንስ ነው። ስሕተቱ በዚያን ዕለት አይታይም፤ ልጁ ድኗል፤ ስለዚህ መመሪያው መሳሳቱን የሚነግር ሰው አይኖርም።

ባለቤቱም እንደ ተሳቢው ይሰወራል። «ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ» የሚለው ምን እንደሚቆይ አይናገርም። ጸሐፊው የተበጠበጠውን ውሃ ማለቱ ነው፤ ከፊቱ ያለው ዓረፍተ ነገር ግን ስለ ማስመለስ ስለሚያወራ፣ «ማስመለሱ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ» ተብሎ ሊጀመርና «ድፉት» ላይ ሲደረስ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ሌላው ወጥመድ «ው» እና «ኡ» የሚሸከሙት ድርብ ሥራ ነው። «ኩባያው» የታወቀው ኩባያም የእሱ ኩባያም ነው። «ውሃውን በኩባያው ለኩ» ሲባል አንዷ በመለኪያው፣ ሌላዋ ልጇ በሚጠጣበት ትንሽ ኩባያ ልትለካ ትችላለች። ውሃው ካነሰ ቅልቅሉ ከሚፈለገው በላይ ጨዋማ ይሆናል፤ ይህ ለልጁ አደገኛ ነው። ቋንቋው ለዚህ መውጫ ባያጣም (እናቱ ከማለት «እናትየዋ» ወይም «የልጁ እናት» ማለት ይቻላል) መውጫውን የሚጠቀም ሁለቱን ንባብ ያየ ጸሐፊ ብቻ ነው። የአክብሮቱ «አቸው»ም እንዲሁ ነው፦ «ሐኪሙን ጠብቃችሁ ውጤቱን ንገሯቸው» ለአንድ የተከበሩ ሰው ይሁን ለቤተሰቡ ሁሉ አይለይም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ፣ ዐውዱ ራሱ ይፈታዋል የሚል ነው፤ ማን ነው ማስመለስን የሚደፋ? እውነት ነው፣ አብዛኛው አሻሚ ቃል በዐውድ ይፈታል። ግን የሚፈታው ምን እንደሆነ ማየት ይገባል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ቴሪ ዊኖግራድ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ምሳሌ ታዋቂ ነው፦ የምክር ቤት አባላት ለሰልፈኞች ፈቃድ ከለከሉ፤ «ሁከት ስለፈሩ» ሲባል የፈሩት አባላቱ ናቸው፣ «ሁከት ስለሚሰብኩ» ሲባል ሰባኪዎቹ ሰልፈኞቹ ናቸው። ሰዋስዉ አልተለወጠም፤ የለየልን ስለ ምክር ቤትና ስለ ሰልፍ አስቀድመን የምናውቀው ነው። ይህን ወደ መመሪያ ስናመጣው ተቃውሞው በራሱ ላይ ይዞራል። ዚንክ ከተቅማጡ በኋላ እንደሚቀጥል የሚያውቅ ሰው «አታቋርጡት»ን በትክክል ይፈታዋል፤ መመሪያው የተጻፈው ግን ይህን ለማያውቅ ሰው ነው። ጸሐፊውም የራሱን አሻሚ ቃል ማየት የሚሳነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዕውቀቱ ዓይኑ ሳያርፍበት ክፍተቱን ይሞላለታል።

ምትክ ቃልን በስም መተካት ብቻውን እንደማይበቃ የባላክላቫው ትእዛዝ ይመሰክራል። በክሪሚያ ጦርነት ጥቅምት 25 ቀን 1854 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሎርድ ራግላን ፈረሰኛው ጦር ወደፊት ገስግሶ ጠላት «መድፎቹን» ይዞ እንዳይሄድ እንዲከላከል በጽሑፍ አዘዘ። ራግላን በከፍታ ላይ ሆኖ ያየው፣ ሩሲያውያን ከማረኳቸው ምሽጎች ሊወስዷቸው የነበሩትን የእንግሊዝ መድፎች ነበር። ከታች በሸለቆው የነበረው የፈረሰኛው ጦር አዛዥ ሎርድ ሉካን እነዚያን አያይም፤ ለእሱ «መድፎቹ» በሸለቆው ጫፍ የተደረደሩት የሩሲያ መድፎች ነበሩ። ትእዛዙን ያመጣው ካፒቴን ኖላንም ሲጠየቅ እጁን ወደ ሸለቆው ወረወረ ይባላል። ወደ 670 የሚጠጋ ፈረሰኛ በሦስት በኩል ተኩስ ወደሚወርድበት ገባ፤ ከመቶ በላይ ሞቱ። ቃሉ ስም እንጂ ተውላጠ ስም አልነበረም፤ የጎደለው የትኞቹ መሆናቸው ነው። «ቹ» እና «ው» አንባቢው ነገሩን ያውቀዋል የሚል ግምት ይሸከማሉ፤ ግምቱ የሚሠራው ጸሐፊና አንባቢ ከአንድ ቦታ ሲያዩ ነው። «ከላይ የተጠቀሰውን ድገሙ» የሚለውም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ የመጨረሻውን እርምጃ ብቻ ወይስ ሁሉንም?

ሌላው ተቃውሞ ስም መደጋገም ጽሑፍን ያከብዳል፣ ለጆሮም አይጥምም የሚል ነው። ለወግና ለልብ ወለድ ልክ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ አጻጻፍ ግን ድግግሞሽን መታገሥ የተለመደ ነው፤ አዋጆች ከመጀመሪያዎቹ አንቀጾች በአንዱ የቃላትን ትርጓሜ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ያንኑ ስም ሳይለዋውጡ ይጠቀማሉ፣ «ከላይ» ከማለትም አንቀጹንና ንዑስ አንቀጹን በቁጥር ይጠራሉ። በዚያ ላይ አማርኛ ከድግግሞሽ የሚያድን የራሱ ሀብት አለው፤ እርሱም ግሱ ነው። የሚጠጣ «ይጠጣል»፣ ኪኒን «ይዋጣል»፣ ዱቄት «ይበጠበጣል»፣ ውሃ «ይደፋል»። «ስጡ» ሁሉን የሚያቅፍ ስለሆነ ይደብቃል፤ «አጠጡ» ግን ነገሩን ሳይጠራ ይለየዋል። የላይኛው ምክር በዚህ መልክ ሲስተካከል፦ «አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. በቀዘቀዘው ውሃ በጥብጡ። ልጁን ባስቀመጠው ቁጥር ኦ.አር.ኤሱን አጠጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ኦ.አር.ኤሱን በማንኪያ፣ ቀስ እያላችሁ አጠጡት። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈውን ኦ.አር.ኤስ. ደፍታችሁ አዲስ በጥብጡ። በየቀኑ አንድ የዚንክ ኪኒን በትንሽ ውሃ አሟሙታችሁ ለልጁ ስጡት። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩን እስከ 10ኛው ቀን አታቋርጡ።» ቅጥያዎቹ አልጠፉም፤ አሁን ግን ግሱና ስሙ የሚሰጠውን ነገር ስለያዙ፣ «አጠጡት» እና «ስጡት» ላይ ያለው «ት» ልጁን ብቻ ያመለክታል። ይህን ለማረጋገጥ ልጁን በልጅቷ መተካት ይበቃል፦ «አጠጧት»፣ «ስጧት»፣ «ካስመለሳት» ይሆናሉ። ሴት ያልሆነው ቅጥያ፣ ለምሳሌ «አቀዝቅዙት»፣ ነገርን የሚጠቁም ነው፤ ሊመረመር የሚገባውም እሱ ብቻ ነው።

ሰዋስዋዊው ፍተሻ ያላያቸውን ለማግኘት ጽሑፉን ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ መጠየቅ ግድ ነው፤ አጠያየቁ ግን ውጤቱን ይወስናል። «ገባሽ?» ለሚለው መልሱ በአብዛኛው «አዎ» ነው፤ የተሳሳተ ንባብ ያነበበች ሴትም በራሷ ንባብ ገብቷታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት በሽታዎች የተቀናጀ ሕክምና ሥልጠና የጤና ባለሙያዎች በአዎና አይደለም ከሚመለሱ ጥያቄዎች ይልቅ እናቲቱን በራሷ ቃል የሚያናግሯትን እንዲጠይቁ ያስተምራል። ለዚህ ምክር ጥያቄዎቹ «ቢያስመልሰው ምኑን ትሰጪዋለሽ?»፣ «ውሃውን በምን ትለኪዋለሽ?»፣ «ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆም የትኛውን ትቀጥያለሽ?» የሚሉ ይሆናሉ። እነዚህ የሚወጡት ከግሶቹ ጫፍ ነው፦ ሁለት እጩ የተገኘበት እያንዳንዱ ቅጥያ አንድ ጥያቄ ይወልዳል፤ ሁለት አንባቢዎች የተለያየ መልስ የሰጡበት ቦታም ስሙ በግልጽ መጻፍ ያለበት ቦታ ነው።