ከባንኮኒ እስከ ቴሌግራም፦ የነጋዴ «እንኳን አደረሳችሁ»

አባቶቻችንና እናቶቻችን በሚገበያዩበት ዘመን የባለሱቁ የበዓል ምኞት በባንኮኒው ላይ የሚነገር ቃል ነበር። ደንበኛው በጳጉሜን ማለቂያ ለበዓሉ የሚሆነውን ቅቤና ቅመም ሊወስድ ሲመጣ የዱቤው ደብተር ይገለጣል፤ ያለበት ይከፍላል፣ የጎደለው ለመስከረም ይተላለፋል። ከዚያ ባለሱቁ «እንኳን አደረሰዎ» ይላል፤ ደንበኛውም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ ይመልሳል። በማግስቱ አበባ የሣሉ ልጆች ሥዕላቸውን ይዘው በየደጁ ሲዞሩ ባለሱቁም ሳንቲም አዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ምኞቱ በሁለት ሰዎች መካከል የሚመላለስ ነበርና መልስ ሳያገኝ አይቀርም።

በ1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥን መጣ። ነጋዴውም ፊቱን ለማያየው ሕዝብ መናገር ቻለ። የማያውቁትን ሰው ሲያነጋግሩ ደግሞ ቋንቋ መከበሩ፣ መደበኛ መሆኑ አይቀርም። «የድርጅታችን ሥራ አመራርና ሠራተኞች መጪው ዘመን የሰላም፣ የጤናና የብልጽግና እንዲሆንላችሁ ከልብ ይመኛሉ» የሚለው ዓይነት አነጋገር የዚህ መድረክ ልጅ ነው። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኢንሹራንሶች ሲወረሱ ባለቤቱ መንግሥት ሆነ፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚልበት ዘመን ስለነበር የድርጅት ድምፅ ከግለሰብ አንደበት ይበልጥ ራቀ። መንግሥት ሲለወጥ የግል ባንኮች ተመልሰው ተከፈቱ። የምኞቱ አቀራረብ ግን እንደነበረ ቀጠለ፤ ስሙን ቀይረው ቢያነቡት የማንም ሊሆን ይችላል።

የሚገርመው የዛሬው ነው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ለባለሱቁ የጥንቱን ነገር መልሰውለታል፤ ደንበኛው ከሥር ሊመልስለት ይችላል። እኛ ግን በዚህ አዲስ ባንኮኒ ላይ የጋዜጣውን ማስታወቂያ እንለጥፋለን። አልፎ ተርፎም የአደይ አበባውን ሥዕል በድርጅቱ ዓርማ ሸፍነን፣ ከሥሩ «በዓሉን ምክንያት በማድረግ ታላቅ ቅናሽ» እንጨምርበታለን። ያን ጊዜ አንባቢው ምኞቱን የቅናሹ መግቢያ አድርጎ ያነበዋል፤ አይፈረድበትም።

አንድ የሰፈር ወፍጮ ቤት እናስብ። በእጁ የሚመጣለት የመጀመሪያ ጽሑፍ «ለውድ ደንበኞቻችን በሙሉ፣ እንኳን አደረሳችሁ! በጥራት ማገልገላችንን እንቀጥላለን» የሚል ነው። አሁን ያ ባለወፍጮ ዓመቱን ያስታውስና እንዲህ ይጻፍ፦

«በጳጉሜን ወረፋው ረዝሞ ብዙዎቻችሁ በር ላይ ቆማችሁ ጠብቃችሁናል። መብራት የጠፋ ለት ጤፋችሁንና በርበሬያችሁን እኛ ዘንድ አሳድራችሁ ሄዳችኋል፤ ስላመናችሁን እናመሰግናለን። ነገ እኛም ከቤተሰቦቻችን ጋር ስለምንውል ዝግ ነን፤ መስከረም 2 ጧት እንከፍታለን። እንኳን አደረሳችሁ።»

እዚህ ውስጥ የሚሸጥ ነገር የለም። መዘጋቱ እንኳ የተጻፈው ሰው በከንቱ እህል ተሸክሞ እንዳይመጣ ነው። ወረፋውም የጠፋው መብራትም የዚያ ወፍጮ ቤትና የደንበኞቹ የጋራ ትዝታ ስለሆኑ ሌላ ድርጅት ገልብጦ ሊለጥፈው አይችልም። እኔ አንድን ምኞት የምመዝነው በዚህ ነው፦ የጎረቤቱን ስም ብተካበት ያስኬዳል? ካስኬደ ገና አልተጻፈም። ቅናሽ ካለ ደግሞ ሳምንት ቀደም ብሎ ለብቻው ይነገር፤ በቅናሽነቱ ነውር የለበትም።

የአምናውን ገልብጦ መለጠፍ የሚጋለጥበት አንድ ቦታ አለ፤ የወንጌላውያኑ ዘመን። «ከዘመነ እገሌ ወደ ዘመነ እገሌ አሸጋገራችሁ» የሚለው በየዓመቱ ይለወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ቀሪው 2 ስለሆነ ዘመነ ማርቆስ ነው። ይሁንና ይህ የቤተ ክርስቲያን ቁጥር ነው። ደንበኞቹ የተለያየ እምነት ያላቸው ባለሱቅ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ» ቢል ማንንም ከደጅ አያስቀርም። ለገናም ለዒድም «ለምታከብሩ ሁሉ» ማለት ይበቃል።

የለጠፈ ሰው ግን ለጥፎ መጥፋት የለበትም። ከሥር «እንኳን አብሮ አደረሰን» የሚሉ ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ያደረ ቅሬታውን ይዞ ይመጣል። አባቶቻችን በዋዜማው ደብተር ሲገልጡ ሒሳብም ወቀሳም አብሮ ይነሣ ነበር። ስለዚህ ንግድ ያላችሁ ወገኖች፣ በመጪው ጳጉሜን የምትጽፉትን ከመለጠፋችሁ በፊት በዚያ ዓመት ደንበኞቻችሁ ያደረጉላችሁን አንድ ነገር አስገቡበት፤ በበዓሉ ማግሥትም ቁጭ ብላችሁ ለጻፉላችሁ ሁሉ በየስማቸው መልሱላቸው።