የገንዲ በሽታ የደም ምርመራ፦ የዳርክፊልድና የፌዝ ኮንትራስት ማይክሮስኮፕ ንጽጽር

ገንዲ ትሪፓኖሶማ በተባሉ ባለአንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚመጣ የከብት በሽታ ሲሆን በዋናነት የሚተላለፈው በፄፄ ዝንብ ነው። ሱሉልታ ደጋ በመሆኗ ለዝንቡ ባትመችም፣ ከጊቤ ሸለቆ ተገዝቶ የመጣ በሬ ተሕዋሱን በደሙ ይዞ ሊገባ ይችላል። በሬው እየከሳና ድዱ እየነጣ ሲሄድ መንስኤው የሚለየው በደም ምርመራ ነው።

ለምርመራው ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ መድኃኒት በተቀባ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ይወሰድና በሴንትሪፊውጅ በደቂቃ 12,000 ዙር ለ5 ደቂቃ ይሽከረከራል። ቀይ የደም ሕዋሳት ከታች፣ ፕላዝማው ከላይ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት በመካከል ይሰፍራሉ። ትሪፓኖሶማዎች በብዛት የሚገኙት በዚህ መካከለኛ ስስ ሽፋንና በዙሪያው ነው። ቱቦው ከነጩ ሽፋን 1 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተቆርጦ ይዘቱ በስላይድ ላይ ይደረጋል፤ ቀለም ሳይጨመርበትም በ400 እጥፍ ጉላት ይታያል።

በዳርክፊልድ ዘዴ ብርሃኑ በቀጥታ ወደ ሌንሱ እንዳይገባ ይከለላል። ወደ ዓይን የሚደርሰው ነገሮች የበተኑት ብርሃን ብቻ ስለሆነ ተሕዋሱ በጥቁር መደብ ላይ አብርቶ ይታያል። ጥቂት ተሕዋስያንን ፈልጎ ለማግኘት ይህ ይመረጣል። ሆኖም የሚታየው በአብዛኛው የአካሉ ዳር ሲሆን አቧራና የስላይድ ጭረትም አብረው ያበራሉ። ሕይወት ያለው ተሕዋስ በራሱ ኃይል አቅጣጫ ሲቀይር፣ ቆሻሻ ግን ከፈሳሹ ጋር ብቻ ይሄዳል።

የፌዝ ኮንትራስት ዘዴ ብርሃን በሕዋሱ ውስጥ ሲያልፍ የሚደርስበትን ጥቂት መዘግየት ወደ ጨለማና ብርሃን ልዩነት ይለውጣል። ስለዚህ ኒውክሊየሱ፣ ጅራፍ መሰል አካሉና የሚርገበገበው ስስ ሽፋኑ ይለያሉ። የናሙናው ንብርብር ከወፈረ ግን በሕዋሱ ዙሪያ የሚታየው የብርሃን ቀለበት ዝርዝሩን ይሸፍናል። ሁለቱ የመሣሪያው ቀለበቶች ካልተገጣጠሙም ምስሉ ግራጫና ደብዛዛ ይሆናል።

በሁለቱም ዘዴዎች እንቅስቃሴው ዝርያውን ይጠቁማል። ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ የእይታውን ክልል በፍጥነት አቋርጦ ያልፋል፤ ትሪፓኖሶማ ኮንጎሌንሴ ደግሞ ትንሽና ዘገምተኛ ሲሆን ከቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ተጣብቆ ይንቀሳቀሳል። ትልቁ ትሪፓኖሶማ ታይለሪ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ስለማያደርስ፣ ከእነዚህ ጋር ከተምታታ በሬው የማያስፈልገውን መድኃኒት ይወስዳል። በመሆኑም ዝርያው ጊምዛ በተባለ ቀለም በተዘጋጀ ስላይድ ይረጋገጣል።

ተሕዋሱ ከሞተ እንቅስቃሴው ስለሚቀር ደሙ ከፀሐይ ተጠብቆ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መመርመር አለበት። ተሕዋሱ አልታየም ማለትም በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ በደም ውስጥ ያለው ቁጥር ከቀን ወደ ቀን ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ምልክቱ ከቀጠለ ምርመራው ይደገማል።