የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የፍተሻና የርክክብ ሪፖርት

የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የፍተሻና የርክክብ ሪፖርት አንድ ሕንጻ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት መስመሮቹ በመሣሪያ ተለክተው የተገኘው ውጤትና ገና ያልተጠናቀቀው ሥራ የሚመዘገብበት ሰነድ ነው። ተቋራጩ ያዘጋጀዋል፤ አማካሪ መሐንዲሱ ያየዋል፤ ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ይረከበዋል። የመጀመሪያ ፍተሻን በተመለከተ በብዙ አገሮች መነሻ የሚሆነው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ.ኢ.ሲ. 60364-6 ነው።

የፍተሻው ቅደም ተከተል

ልኬቱ የሚጀመረው ኃይል ሳይለቀቅ ነው። መጀመሪያ የመሬት መስመሩ (ግራውንድ) እስከ መጨረሻው ሶኬት ሳይቋረጥ መድረሱ ይረጋገጣል። ቀጥሎ የሽቦው ልባስ ኤሌክትሪክ አለማሳለፉ በ500 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ይፈተናል፤ ለተለመደው የ230 ቮልት መስመር ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ውጤት 1 ሜጋ ኦም ነው። አዲስ ደረቅ ሽቦ ግን ከዚህ እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ 1.2 ሜጋ ኦም የተጻፈበት አዲስ መስመር ደንቡን ቢያልፍም እርጥበት ወይም በሚስማር የተነካ ሽቦ ሊኖርበት ይችላል። ኃይል የሚለቀቀው እነዚህ ፍተሻዎች ካለፉ በኋላ ነው።

የዙር ሬዚስታንስ ውጤት አነባበብ

ኃይል ከተለቀቀ በኋላ ከሚለኩት ዋነኛው የዙር ሬዚስታንስ ነው። የፌዝ ሽቦ ከአንድ ዕቃ የብረት አካል ጋር ቢነካካ ኃይሉ በመሬት መስመሩ ዞሮ ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል። የዚህ ዙር ሬዚስታንስ ትንሽ ከሆነ ብዙ አምፔር ስለሚፈስ ብሬከሩ ወዲያው ይዘጋል። ሬዚስታንሱ ትልቅ ከሆነ ግን የሚፈሰው አምፔር ያንሳል፤ ብሬከሩ ሳይዘጋ ስለሚቆይ የዕቃውን አካል የሚነካ ሰው አደጋ ላይ ይወድቃል።

ለምሳሌ በቢ 16 ብሬከር የተጠበቀ የሶኬት መስመር ይወሰድ። ይህ ብሬከር ወዲያው ለመዝጋቱ እርግጠኛ የሚሆነው 5 እጥፍ፣ ማለትም 80 አምፔር ሲፈስበት ነው። 230 ቮልት ለ80 ሲካፈል 2.87 ኦም ገደማ ይሆናል። ሽቦ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምርና ልኬቱ የሚደረገው ሽቦው ቀዝቃዛ ሳለ ስለሆነ፣ ደረጃው የዚህን ሁለት ሦስተኛ እንደ ወሰን መጠቀምን ያመለክታል፤ ይህም 1.9 ኦም ገደማ ነው።

በዚህ መስመር የመጨረሻ ሶኬት ላይ 1.65 ኦም ተለካ እንበል። ከወሰኑ በታች ስለሆነ በሠንጠረዡ ላይ «አልፏል» ይባላል። ነገር ግን በማከፋፈያ ሰሌዳው ላይ የተለካው 0.35 ኦም ሲሆን፣ 30 ሜትር ርዝመት ያለውና ፌዙም የመሬት መስመሩም 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ የሆነ ሽቦ የሚጨምረው 0.44 ኦም ገደማ ብቻ ነው። የሚጠበቀው እንግዲህ 0.79 ነበር። ትርፉ የት እንዳለ ለማወቅ ሶኬቶቹ በተራ ይለካሉ፤ አንደኛው 0.50፣ ሁለተኛው 0.62፣ ሦስተኛው 1.56 ቢያሳዩ ችግሩ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሚገባ ያልጠበቀ የሶኬት ብሎን ነው። እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ጭነት ሲበዛበት ይሞቃል፤ የላላው የመሬት መስመሩ ብሎን ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ጭራሽ ሊለያይ ይችላል። ብሎኑ ጠብቆ 0.80 ሲነበብ ሁለቱም ቁጥሮች፣ የፊተኛውና የኋለኛው፣ ከነቀናቸው ይጻፋሉ። የመጨረሻው ብቻ ከተጻፈ በኋላ ጥገና የሚሠራ ሰው ቦታው ችግር እንደነበረበት አያውቅም።

በሕንጻው ውስጥ በተቀበረ ዘንግ ብቻ መሬት የሚያገኝ መስመር ይህን ወሰን አብዛኛውን ጊዜ አያሟላም፤ ጥበቃው በአር.ሲ.ዲ. ላይ ይጣላል። የ30 ሚሊ አምፔር አር.ሲ.ዲ. በዚሁ መጠን በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ መዝጋት፣ በግማሹ ደግሞ አለመዝጋት አለበት። የመሞከሪያ ቁልፉን መጫን ጊዜውን ስለማይለካ በሪፖርቱ ውስጥ ውጤት ሆኖ አይገባም።

ያልተጠናቀቁ ሥራዎች ዝርዝር

ዝርዝሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል፤ የተገኘ ጉድለትንና ገና ያልተፈተነን። ሁለቱ ሲደባለቁ ያልተለካ መስመር እንደ ደህና ይቆጠራል። ለምሳሌ የአደጋ ጊዜ መብራቶች ባትሪ 24 ሰዓት ካልተሞላ የቆይታቸው ፍተሻ አይካሄድም፤ ስለዚህ «አልተፈተነም» ተብሎ ምክንያቱ፣ ኃላፊውና ቀኑ ይጻፋል። በሰሌዳው ላይ የመስመር ስም አለመለጠፉ ርክክቡን ላያስቆም ይችላል። የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት ግን ተስተካክሎ እስኪለካ ድረስ መስመሩ ተዘግቶ ይቆያል።

በኢትዮጵያ የግንባታ ውሎች ዘንድ ጊዜያዊና የመጨረሻ ርክክብ ተለይተው ይታወቃሉ። በጊዜያዊው ርክክብ የተያዘው ዝርዝር በመካከላቸው ባለው የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ይታረማል፤ በመጨረሻውም እያንዳንዱ ነጥብ ከአዲሱ ልኬት ጋር ተያይዞ ይዘጋል።