የማረፊያ ቤት ሲመርጡ የእንግዶችን አስተያየት እንዴት ማንበብ ይገባል?

ወደ አለርት ሆስፒታል ለሕክምና የሚመጡ ታካሚዎችና አስታማሚዎች በአቅራቢያው በሚገኘው በአየር ጤና አካባቢ ማረፊያ ሊፈልጉ ይችላሉ። ቁስል ያለበትን ሕመምተኛ ይዞ ለሚያድር ሰው የውኃ መኖር ዋነኛ ጉዳይ በመሆኑ፣ ይህ መረጃ የእንግዶችን አስተያየት ከውኃ አቅርቦት አንጻር እንዴት መመዘን እንደሚቻል ያብራራል።

በመጀመሪያ አማካይ ውጤቱን ብቻ አይመልከቱ። በጉግል ማፕስ ላይ አስተያየቶቹን «Newest» በሚለው ቅደም ተከተል ከፍተው ያለፉትን 12 ወራት ያንብቡ። ማንኛውም አካውንት ያለው ሰው አስተያየት መጻፍ ስለሚችል፣ ዝርዝር ለሌለው ሙገሳም ሆነ ወቀሳ ብዙ ክብደት አይስጡ።

ለምሳሌ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ፔንሲዮን በዓመት ውስጥ 30 አስተያየቶች ቀርበውበታል እንበል። ስድስቱ ውኃ እንዳልነበረ ይገልጻሉ። ከእነዚህ ሁለቱ የተጻፉት በጥቅምት ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሆነ እንደ አንድ አጋጣሚ ይቆጠራሉ። የቀሩት አራቱ ግን በታኅሣሥ፣ በየካቲት፣ በሚያዝያና በሰኔ በተለያዩ ሰዎች የተጻፉ ሲሆን፣ ሦስቱ «ጠዋት ላይ፣ በላይኛው ፎቅ» ይላሉ። ሰዎቹና ወራቱ የተለያዩ ሆነው ዝርዝሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ችግሩ ተደጋጋሚ ነው።

በአዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ ስለሚዳረስ፣ «ውኃ ጠፋ» የሚለው ብቻ የቤቱን ጉድለት አያሳይም። «ላይኛው ፎቅ» የሚለው ግን መንስኤውን ይጠቁማል፤ ውኃው የሚጠራቀመው በምድር ላይ ባለ ታንከር ከሆነ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋ ላይኛው ፎቅ ይደርቃል።

በዚሁ ፔንሲዮን አንድ እንግዳ ቁርሱ እንደቀዘቀዘ፣ ሌላው የእንግዳ ተቀባዩ መልስ እንዳላስደሰተው ቢጽፉና ማንም ባይደግመው፣ ለምርጫዎ መሠረት አያድርጉት። ስርቆትን ወይም የማይቆለፍ በርን የሚመለከት ቅሬታ ግን አንድ ብቻ ቢሆንም ሊጠየቅበት ይገባል።

ባለቤቱ «ፓምፑ ተቀይሯል» ብሎ መልስ ሰጥቶ ከሆነ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የተጻፉትን ይመልከቱ። ቅሬታው ከቀጠለ ችግሩ አልተፈታም። ከመልሱ በኋላ የተጻፉት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆኑ ዝምታቸው ማረጋገጫ አይሆንም።

በመጨረሻም ቅድሚያ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ደውለው የሚከተሉትን ይጠይቁ፦

1. በፈረቃ ውኃ በማይኖርበት ቀን ወደሚሰጠኝ ክፍል ውኃ ይደርሳል?
2. መብራት ሲጠፋ ፓምፑ በጀነሬተር ይሠራል?
3. በምድር ቤት ወይም በአንደኛ ፎቅ ክፍል ይገኛል?

መልሱ ግልጽ ካልሆነ ሌላ ማረፊያ መፈለግ ይመረጣል። ሲደርሱም ሻንጣዎን ከማስገባትዎ በፊት የክፍሉን ቧንቧ ከፍተው ያረጋግጡ።