ስኳሩ ወይስ ፕሮቲኑ? የላም ወተት አልስማማ ሲል የፍየል፣ የግመልና የእርጎ ምርጫ

በአዳማና ከእሷ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ዙሪያ የሚጠጣው የላም ወተት ብቻ አይደለም። የፍየል ወተት አለ፤ የከረዩ አርብቶ አደሮች የሚያልቡት የግመል ወተትም አለ። ስለዚህ የላም ወተት ያልተስማማው ሰው ምክር አያጣም፤ አንዱ «እርጎ ይሻልሃል»፣ ሌላው «ፍየል ሞክር»፣ ሦስተኛው «ግመል መድኃኒት ነው» ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ምክሮቹ የሚመዘኑት በሕመሙ ዓይነት ነው የሚል ነው። የወተቱን ስኳር መፍጨት ላልቻለ ሰው የሚበጀው፣ በወተቱ ፕሮቲን አለርጂ ያለበትን ሕፃን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ስኳሩ ላክቶስ ይባላል። ይህን ስኳር የሚሰብረው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም የሚገኘው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። በአብዛኛው የሰው ልጅ ዘንድ ጡት ከተጣለ በኋላ የኢንዛይሙ መጠን በዘር ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በአንዳንዶች ግን ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ልዩ ስፍራ አላት፤ ለኢንዛይሙ መቀጠል ምክንያት የሆኑ በርካታ የተለያዩ የዘር ለውጦች በአንድ አገር ውስጥ ተገኝተውባታል። ኢንዛይሙ ባነሰበት ሰው ያልተፈጨው ላክቶስ ውኃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስም ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝ ይፈጠራል። የሆድ መነፋት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ የሚመጡት ከዚህ ነው። በዚህ ሂደት የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ምንም ድርሻ የለውም። ስለዚህ ሕመሙ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም።

እዚህ ላይ ወሳኙ መጠን ነው። በ100 ሚሊ ሊትር የላም ወተት ውስጥ 4.8 ግራም ያህል ላክቶስ ስላለ፣ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ 12 ግራም ገደማ ይሰጣል። ብዙዎች ይህን ያህሉን በአንድ ጊዜ ቢጠጡ፣ በተለይ ከምግብ ጋር፣ ብዙም አይታመሙም፤ በባዶ ሆድ ሁለት ብርጭቆ ሲሆን ግን ይለያል። እርጎ ስኳሩ በከፊል በባክቴሪያዎች ስለተበላ ይቀላል። አይብም አጓቱ ሲወጣ አብዛኛው ላክቶስ አብሮ ይሄዳል፤ ንጥር ቅቤ ደግሞ ከላክቶስ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። የፍየልና የግመል ወተት ግን ላክቶሳቸው ከላም ወተት እምብዛም ስለማያንስ ለዚህ ሰው መፍትሔ አይሆኑም።

አለርጂው ሌላ ነገር ነው። የመከላከያ ሥርዓቱ እንደ ኬዚንና ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ያሉትን የወተት ፕሮቲኖች እንደ ጠላት ይቆጥራል። ለማሳያ ያህል ጡት ብቻ ሲጠባ የቆየ የ7 ወር ሕፃን እናስብ። የላም ወተት የገባበት ገንፎ በቀመሰ በ20 ደቂቃ ውስጥ አፉ ዙሪያ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ያስመልሰዋል። ይህ የላክቶስ ችግር ሊሆን አይችልም። የእናት ጡት ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 7 ግራም ያህል ላክቶስ አለው፤ ከላም ወተት የሚበልጠውን ስኳር ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ያለ ችግር ሲፈጨው ኖሯል። ሽፍታና እብጠትም ከስኳር አይመጡም። ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ ወይም ሰውነቱ ከዛለ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ለዚህ ልጅ እርጎ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ እንዳለ ነው። ወተቱን ማፍላትም ኬዚንን አያጠፋውም። የፍየል ወተት ፕሮቲን ከላሙ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል አብዛኞቹ የላም ወተት አለርጂ ያለባቸው ልጆች ለእሱም ይቆጣሉ። የግመል ወተት የተለየ ነው፤ ቤታ-ላክቶግሎቡሊን የለውም፣ ኬዚኑም ይለያል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ይቀበሉታል። ሆኖም የመጀመሪያው ሙከራ በሐኪም ፊት መሆን አለበት፤ ሳይፈላ መሰጠት የለበትም፣ ብሩሴላ ያስተላልፋልና። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃንም የጡት ወተትን ቦታ አይተካም። ጡት ለማያገኝ ሕፃን የሚታዘዘው ፕሮቲኑ በእጅጉ የተሰባበረ የዱቄት ወተት ነው።

አለርጂው ቀስ ብሎ የሚመጣበት መልክም አለ፤ ሽፍታ ሳይታይ ጡት በሚጠባ ሕፃን ሰገራ ውስጥ ንፍጥና ደም ይገኛል። ያኔ ጡት ማስጣል ሳይሆን እናቲቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ወተትና የወተት ውጤት ትታ ለውጡን ማየት ነው የሚያስፈልገው። የጾም ምግብ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ወጡ ቅቤ፣ ማኪያቶው የላም ወተት የለውም። ነገር ግን የምትተወው ወተትንና የወተት ውጤትን ብቻ ስለሆነ እንቁላልና ሥጋ አልተከለከሉባትም፤ የምትጠነቀቀው ዶሮ ወጡ ውስጥ ከሚገባው ቅቤ ነው፤ ንጥሩም ቢሆን የፕሮቲን ቅሪት ሊኖረው ይችላል። የካልሲየም ጉድለቷን ጤፍና ጎመን በከፊል ይሸፍኑታል፤ ቀሪውን በእንክብል ማሟላት ይገባል። ከዚያ በኋላ ወተቱን መልሳ መጀመር አለባት። ምልክቱ ካልተመለሰ ምክንያቱ ወተት አልነበረም፤ ምግቧንም ያለ ምክንያት ማጥበብ አያስፈልጋትም።